በአንድ ደመወዝ ብዙ ሰው፦ የመጠባበቂያ ገንዘብ መጠን እንዴት ይሰላል?

ቤተሰብ ለክፉ ቀን ምን ያህል ገንዘብ ያስቀምጥ ለሚለው ጥያቄ በብዛት የሚሰጠው መልስ «ከ3 እስከ 6 ወር የሚያቆይ» የሚል ነው። መልሱ ለመነሻ ያህል አይከፋም፤ ነገር ግን ወሩ በየትኛው ወጪ እንደሚለካ፣ ገቢው በምን ምክንያት እንደተቋረጠና በዚያው ሰሞን ሌላ ችግር ቢደረብ ምን እንደሚሆን አይናገርም። ሁለት ሰዎች የሚሠሩበትና ልጅ የሌለው ቤት እነዚህን ጥያቄዎች ዘሎ ቢያልፋቸው የሚደርስበት ጉዳት ቀላል ሊሆን ይችላል። አንድ ሰው ሠርቶ አምስትና ስድስት ሰው በሚያስተዳድርበት ቤት ግን የመጠባበቂያው መጠን የሚወሰነው በእነዚሁ ጥያቄዎች መልስ ነው፤ መልሱም ከቤት ቤት በእጥፍ ሊለያይ ይችላል።

ልዩነቱ የሚጀምረው ገቢ ከሚቋረጥበት መንገድ ነው። ለምሳሌ አንድ ሠራተኛ በአንድ ዓመት ውስጥ ሥራውን የማጣት ዕድሉ ከ10 አንድ ነው ብለን እንነሣ። ባልና ሚስት ሁለቱም የሚሠሩ ከሆነና የአንዱ ሥራ ከሌላው ጋር የማይገናኝ ከሆነ፣ ሁለቱም በአንድ ዓመት ሥራቸውን የማጣታቸው ዕድል ከ100 አንድ ይሆናል። ከሁለቱ ቢያንስ አንዱ ሥራውን የማጣቱ ዕድል በአንጻሩ ከፍ ይላል፤ ከ100 አሥራ ዘጠኝ ይደርሳል። ይህ ማለት ሁለት ገቢ ያለው ቤት ቶሎ ቶሎ ይነካል፣ ነገር ግን ሲነካ አብዛኛውን ጊዜ የሚቀርበት የገቢው ክፍል ብቻ ነው። አንድ ገቢ ያለው ቤት የሚነካው አልፎ አልፎ ሲሆን፣ በተነካ ጊዜ ግን የሚቀረው ዜሮ ነው። ስለዚህ መጠባበቂያው የሚሸፍነው የጎደለውን ክፍል ሳይሆን ሙሉውን የቤት ወጪ ነው። (ሁለቱም በአንድ መሥሪያ ቤት የሚሠሩ ባልና ሚስት በዚህ ረገድ ከአንድ ገቢ ቤት ብዙ አይርቁም።)

የጥገኞች ብዛት ደግሞ ስሌቱን በሁለት አቅጣጫ ይለውጠዋል። አንደኛ፣ ወጪን የመቀነስ አቅም ይጠብባል። ብቻውን የሚኖር ሰው ሥራ ሲያጣ ወደ ትንሽ ክፍል ሊዛወር ወይም ከዘመድ ጋር ሊጠጋ ይችላል፤ ሦስት ልጆችና አንዲት አረጋዊት እናት ያሉበት ቤት እንዲህ በቀላሉ አይነቀልም። ሁለተኛ፣ ሰው በበዛ ቁጥር ድንገተኛ ወጪ የሚያስከትል ሰው የመኖሩ ዕድል ይጨምራል። እያንዳንዱ የቤተሰብ አባል በስድስት ወር ውስጥ ከበድ ያለ የሕክምና ወጪ የማስከተል ዕድሉ ከ100 አምስት ብቻ ነው ብንል፣ ስድስት ሰው ባለበት ቤት ቢያንስ አንዱ እንዲህ ያለ ወጪ የማምጣቱ ዕድል ከ100 ሃያ ስድስት ያህል ይሆናል። ገቢ በቆመበት ወቅት ሰው አይታመምም ብሎ መጠባበቂያ የሚያሰላ ትልቅ ቤተሰብ፣ ከአራት አንድ የሚሆነውን ዕድል በዓይኑ እያየ አልፎታል ማለት ነው።

በእነዚህ ምክንያቶች ስሌቱ አራት ነገሮችን ይይዛል፦ በክፉ ጊዜ የአንድ ወር ወጪ ስንት ነው፣ ገቢ የማይገባባቸው ወራት ስንት ናቸው፣ በእነዚያ ወራት ሊደረብ የሚችለው ድንገተኛ ወጪ ምን ያህል ነው፣ ያለ ጥርጥር የሚመጣ ሌላ ገንዘብስ አለ ወይ? የመጀመሪያውን በሁለተኛው አባዝቶ፣ ሦስተኛውን ደምሮ፣ አራተኛውን መቀነስ ነው። ሒሳቡ ቀላል ነው፤ የሚያስቸግረው እያንዳንዱን ቁጥር በሐቅ ማግኘት ነው።

የክፉ ወር ወጪ

አንድ ቤተሰብ በምሳሌነት እንውሰድ። አባት ይሠራል፣ እናት ቤት ናት፣ ሦስት ተማሪ ልጆችና የአባት እናት አብረው ይኖራሉ። የአባትየው የተጣራ ወርሃዊ ደመወዝ 100 እጅ ይሁን፤ ማንኛውም አንባቢ የራሱን ደመወዝ በ100 ቦታ ተክቶ ሊከተለው ይችላል። በመደበኛ ወር ለቤት ኪራይ 25፣ ለምግብ 32፣ ለትራንስፖርት 7፣ ለትምህርት 9፣ ለአያትየው መድኃኒት 4፣ ለመብራት፣ ውኃና ስልክ 5፣ ለብድር ክፍያ 5፣ ለልብስና ለልዩ ልዩ 6 እጅ ይወጣል። ድምሩ 93 ነው፤ 7 እጅ ይተርፋል።

አሁን ደመወዙ ቆመ እንበል። ኪራዩ በ25 ይቀጥላል። ምግብ ቢጠበብ ቢጠበብ ወደ 28 ይወርዳል። ትራንስፖርት አይቀርም፤ ሥራ ፈላጊ ሰው ቤት አይቀመጥምና 4 ያስፈልገዋል። ትምህርቱ 9፣ መድኃኒቱ 4፣ ብድሩ 5 እንዳሉ ናቸው። መብራትና ስልክ ወደ 4፣ ልዩ ልዩው ወደ 2 ይወርዳሉ። ድምሩ 81 ይሆናል። በዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነገር አለ፤ አሠሪው ይሸፍነው የነበረው ጥቅም ከሥራው ጋር አብሮ ይቀራል። በምሳሌያችን አሠሪው የቤተሰቡን መደበኛ ሕክምና ይሸፍን ነበር፤ እሱን ለመተካት በወር 3 እጅ ብንጨምር የክፉ ወር ወጪ 84 ይሆናል።

ከ93 ወደ 84 መውረድ ማለት ቤተሰቡ በሙሉ ጥረቱ የቀነሰው ከወጪው አንድ አሥረኛ ያህል ብቻ ነው። «ችግር ሲመጣ ግማሹን እንቆርጣለን» የሚለው ግምት ብዙ ጥገኛ ባለበት ቤት አይሠራም፤ ምክንያቱም የሚቆረጠው የምቾት ወጪ ቀድሞውኑ ትንሽ ነው። ስለዚህ የክፉ ወር ወጪን ወረቀት ላይ ብቻ ማስላት አይበቃም። ሥራ ባለበት፣ ሰላም በሆነ ጊዜ፣ አንድ ሙሉ ወር በዚያ መጠን ኖሮ መሞከር ያስፈልጋል። በፈተናው ወር የወጣው 84 ሳይሆን 88 ከሆነ ልዩነቱ 4 ብቻ ይመስላል፤ ነገር ግን በስድስት ወር ሲባዛ 24 እጅ፣ ማለትም የአንድ ወር ደመወዝ ሩብ ያህል ነው።

በዚህ ስሌት ውስጥ ቀድመው የሚታወቁ ወጪዎች ሾልከው እንዳይገቡም መጠንቀቅ ይገባል። የትምህርት ዓመት መጀመሪያ፣ የኪራይ ውል ዕድሳትና ዓመታዊ ክፍያዎች ቀናቸው የታወቀ ስለሆነ ድንገተኛ አይባሉም። ከላይ ያለው 9 እጅ የዓመቱ የትምህርት ወጪ በ12 ተካፍሎ የተገኘ ሲሆን፣ በየወሩ ለብቻው መቀመጥ ያለበት ነው። መጠባበቂያው በየዓመቱ በተመሳሳይ ወር የሚነካ ከሆነ፣ እየሠራ ያለው እንደ መጠባበቂያ ሳይሆን ያልተመደበ የበጀት ክፍተትን ለመድፈን ነው፤ ችግሩ የሚፈታውም በበጀቱ ላይ እንጂ መጠባበቂያውን በማብዛት አይደለም።

ሌላው ከባድ ጥያቄ ከቤት ውጭ ያሉ ጥገኞች ናቸው። በየወሩ ገንዘብ የሚላክላቸው ወላጆች ወይም ወንድምና እህት ካሉ፣ ደመወዙ ሲቆም የሚላከው ይቀጥላል፣ ይቀንሳል ወይስ ይቆማል? ይህን ተቀባዮቹም ባሉበት አስቀድሞ መወሰን ይሻላል። ይቀጥላል ከተባለ እንደ ኪራይ በክፉ ወር ወጪ ውስጥ ሙሉ በሙሉ መግባት አለበት። እንደማስበው፣ በብዙ ቤት መጠባበቂያው ከታሰበው ቀድሞ የሚያልቀው እዚህ ላይ በዝምታ ስለሚታለፍ ነው።

ደረቅ ወራት

ገቢ የማይገባባቸውን ወራት ለመቁጠር መነሻው በዚያው ሙያና በዚያው ደረጃ ሥራ ለማግኘት የሚወስደው ጊዜ ነው። መረጃውን ማግኘት የሚቻለው በቅርብ ዓመታት ሥራ የቀየሩ ወይም ሥራ ያጡ ባልደረቦችን በመጠየቅ ነው። እዚህ ላይ የሚወሰደው ቁጥር አማካዩ ሳይሆን ወደ ዘገየው የሚጠጋው መሆን አለበት። አማካዩን ይዞ ማቀድ ማለት ከሁለት ጊዜ በአንዱ ገንዘቡ ሥራው ከመገኘቱ በፊት እንዲያልቅ መስማማት ነው፤ ሌላ ገቢ የሌለው ቤት ይህን ሊቀበል አይችልም።

በምሳሌያችን ባልደረቦች ሥራ ለማግኘት ከ2 እስከ 7 ወር ወስዶባቸዋል፤ አብዛኞቹ በ6 ወር ውስጥ አግኝተዋል። ስለዚህ 6 ወር እንያዝ። አባትየው ቋሚ ሠራተኛ ስለሆነ የአንድ ወር ማስጠንቀቂያ ያገኛል፤ በዚያ ወር ደመወዝ እየተከፈለው ሥራ ይፈልጋል። ያለ ደመወዝ የሚቀሩት 5 ወራት ናቸው። አዲሱ ሥራ በተገኘ ማግስት ግን ገንዘብ አይገባም፤ አንድ ወር ተሠርቶ ነው ደመወዝ የሚከፈለው። ይህ የተዘነጋ ወር ሲጨመር ደረቅ ወራቱ 6 ይሆናሉ። 84 በ6 ሲባዛ 504 ነው።

ድንገተኛ ወጪውን ለመገመት ያለፉትን ሁለት ሦስት ዓመታት መለስ ብሎ ያልታሰቡ ወጪዎችን በዝርዝር መጻፍና ከነዚያ ትልቁን መውሰድ በቂ ነው። የምሳሌው ቤተሰብ ትልቁ ወጪ የአንድ ልጅ ቀዶ ሕክምና ሲሆን 35 እጅ ፈጅቷል። ይህ ሲደመር 539 ይሆናል።

ቀጥሎ የሚቀነሰውን እንይ። አባትየው በሕግ የሚገባው የሥራ ስንብት ክፍያ 60 እጅ ነው እንበል። የስንብት ክፍያ ግን ሊዘገይ፣ በክርክር ሊያዝ፣ ድርጅቱ የተዘጋው ገንዘብ አጥቶ ከሆነም ጨርሶ ላይከፈል ይችላል። ሰው ሥራ የሚያጣበት አንዱ ምክንያት ራሱ የአሠሪው ገንዘብ ማጣት መሆኑን ማስታወስ ተገቢ ነው። ስለዚህ ግማሹን፣ 30 እጅ ብቻ ብንቆጥር፣ የሚፈለገው መጠባበቂያ 509 እጅ ይሆናል፤ የአምስት ወር ደመወዝ ያህል ማለት ነው።

እናትየው በዚያ ጊዜ ሥራ ልትጀምር ትችላለች የሚለው ተስፋ በዚህ ቅናሽ ውስጥ ያልገባው ሆን ተብሎ ነው። ከሥራ ርቃ የቆየች ሰው ገቢ ለማግኘት እሷም ወራት ያስፈልጓታል፤ ትንንሽ ልጆችና አረጋዊት እናት ካሉ ደግሞ የሚጠብቃቸው ሰው ክፍያ ከገቢዋ ላይ ይነሣል። ዛሬውኑ እየሠራችው ያለ፣ ትንሽም ቢሆን በየወሩ የሚገባ ሥራ ካለ ግን መቆጠር አለበት፤ በወር 5 እጅ እንኳ ቢሆን በስድስት ወር 30 እጅ ከመጠባበቂያው ይቀንሳል። ከዘመድ ይገኛል የሚባል ብድር ግን አይቆጠርም፤ አበዳሪው ዘመድ በዚያው ዘርፍ የሚሠራ ከሆነ እሱም በዚያው ሰሞን ተነክቶ ሊገኝ ይችላል።

የቅጥሩ ዓይነት ቁጥሩን ምን ያህል እንደሚለውጠው ለማየት፣ ያንኑ ቤተሰብ በኮንትራት የሚሠራ አባት ያስተዳድረዋል እንበል። ማስጠንቀቂያ የለም፣ ስለዚህ ደረቅ ወራቱ 7 ናቸው፤ የስንብት ክፍያም የለም። 84 በ7 ተባዝቶ 588፣ ከድንገተኛው 35 ጋር 623 ይሆናል። ወጪያቸው አንድ ዓይነት በሆኑ ሁለት ቤቶች መካከል ከአንድ ወር ደመወዝ በላይ ልዩነት የተፈጠረው በውል ወረቀት ብቻ ነው። በአንጻሩ በሙያው በጣም የሚፈለግ፣ በ4 ወር ውስጥ ሥራ እንደሚያገኝ የሚያውቅ ቋሚ ሠራተኛ ደረቅ ወራቱ 4 ስለሚሆኑ የሚያስፈልገው 341 ነው።

ሠሪው ሲታመም

እስካሁን የተሰላው ሥራ የማጣት ችግር ነው። አንድ ገቢ ባለው ቤት ግን ከዚያ የተለየ አደጋ አለ፤ ሠሪው ራሱ ሲታመም ገቢው ይቀንሳል፣ ወጪው ደግሞ በዚያው ቅጽበት ይጨምራል፤ ሥራ ፈልጎ መውጣትም አይቻልም። ስለዚህ ለብቻው መሰላት አለበት።

የምሳሌው አባት ለስድስት ወር የሚያስተኛ ሕመም ገጠመው እንበል። በውሉ መሠረት የሕመም ፈቃዱ የመጀመሪያውን ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹን ሁለት ወራት ግማሽ ደመወዝ፣ ከዚያ በኋላ ያለ ክፍያ ነው። በስድስቱ ወራት የሚገባው ገንዘብ በጠቅላላ 200 እጅ ይሆናል። የአሠሪው የሕክምና ሽፋን ስላልተቋረጠ የክፉ ወር ወጪ 81 ሲሆን፣ ለመመላለሻና ላልተሸፈነ መድኃኒት 8 ሲጨመር 89 ይሆናል። ይህ በስድስት ወር 534 ነው። ለሕክምናው ከኪስ የሚወጣ 50 ሲጨመር 584 ይደርሳል። ከዚህ የሚገባው 200 ሲቀነስ የሚጎድለው 384 እጅ ነው።

ሥራ ማጣት 509፣ ሕመም 384 ካስፈለጋቸው ሁለቱ አይደመሩም፤ የሚያዘው ትልቁ ነው። የዚህ ዘዴ ወሰን የሚታየው ግን እዚሁ ላይ ነው። ሕመሙ ከስድስት ወር አልፎ ሥራውን የሚያሳጣ ከሆነ፣ ከ509 ላይ 384 ወጥቶ የሚቀረው 125 አንድ ወር ተኩል እንኳ አያሻግርም። ዘላቂ የአካል ጉዳትንና የሠሪውን ሞት በቁጠባ ለመሸፈን መሞከር የማይደረስበት ቁጥር ያመጣል፤ እነዚህ የመድንና የጡረታ ሥራ ናቸው። በእኔ አስተያየት አንድ ገቢ ያለው ቤት ከታች የምናየውን የመጠባበቂያ ዝቅተኛ ወለል እንደሞላ፣ ሙሉውን እስኪሞላ ሳይጠብቅ፣ አቅሙ የሚፈቅደውን የሕይወትና የአካል ጉዳት መድን ማየት አለበት። ዓረቦኑም አንዴ ከተጀመረ በክፉ ወር ወጪ ውስጥ ይገባል፤ ደመወዝ በቆመ ጊዜ መድኑ ቢቋረጥ ቤቱ ያለ መከላከያ የሚቀረው በጣም በሚያስፈልገው ሰዓት ነውና።

በወር 7 እጅ ይዞ 509 እንዴት ይደረሳል?

509 ለ7 ሲካፈል ወደ 73 ወር፣ ማለትም ስድስት ዓመት ከአንድ ወር ይመጣል። ይህን ቁጥር አይቶ ተስፋ የሚቆርጥ ሰው አይፈረድበትም። ሆኖም ስሌቱ በውስጡ አንድ መውጫ ይዟል። ከክፉ ወር ወጪ ላይ 1 እጅ የሚቀንስ ማንኛውም ለውጥ የሚፈለገውን ጠቅላላ መጠን በ6 እጅ ያሳንሳል፤ ያው 1 እጅ በሰላሙ ጊዜ ወደ ቁጠባው የሚገባ ከሆነ ደግሞ ፍጥነቱንም ይጨምራል። ሁለቱንም በአንድ ጊዜ የሚያደርገው ብድርን መጨረስ ነው።

የምሳሌው ቤተሰብ ብድር በ12 ወር ውስጥ ያልቃል እንበል። ብድሩ ሲያልቅ የክፉ ወር ወጪ ከ84 ወደ 79፣ የሚፈለገው መጠባበቂያም ከ509 ወደ 479 ይወርዳል። በመጀመሪያዎቹ 12 ወራት 84 እጅ ተቆጥቧል። ከዚያ በኋላ የሚቆጠበው 7 ሳይሆን 12 ነው። የቀረው 395 ለ12 ሲካፈል ወደ 33 ወር ይመጣል፤ በጠቅላላ 45 ወር፣ አራት ዓመት የማይሞላ ጊዜ ነው። ደመወዙ ምንም ሳይጨምር ከሁለት ዓመት በላይ ተቀነሰ ማለት ነው። ይህ የሚሆነው ግን የተለቀቀው 5 እጅ በመጀመሪያው ወር ወደ ቁጠባ ከተዛወረ ብቻ ነው፤ ለሁለት ሦስት ወር በእጅ ከቆየ ወጪ ሆኖ ይለመድና የክፉ ወር ወጪንም መልሶ ያሳድጋል።

ያለውን ቁጠባ አንድ ጊዜ አውጥቶ ብድሩን መዝጋትስ? የቁጠባው ወለድ ከብድሩ ወለድ ስለሚያንስ በወረቀት ላይ አዋጭ ይመስላል። ነገር ግን ባዶ እጁን የቀረ ቤተሰብ በማግስቱ አንድ ልጅ ቢታመምበት ምናልባት ከቀድሞው በከፋ ወለድ እንደገና ይበደራል። ስለዚህ በመጀመሪያ ዝቅተኛው ወለል መሞላት አለበት። ይህ ወለል አንድ ድንገተኛ ወጪና አንድ የክፉ ወር ወጪ የሚችል ነው፤ በምሳሌያችን 35 እና 84፣ ድምሩ 119። ብድሩ በመንገድ ላይ ሲያልቅ ወለሉ ራሱ ወደ 114 ስለሚወርድ ቤተሰቡ በ15ኛው ወር ይደርስበታል። ብድሩ ከዚያም በላይ የሚቆይ ቤት ግን ከዚያ ወዲያ ያለውን ትርፍ ብድሩን ለማፋጠን ቢያውል ያስኬዳል።

ገንዘቡ የት ይቀመጥ? ማንስ ያወጣዋል?

አንድ ወር የሚያቆየው ገንዘብ በማንኛውም ሰዓት በሚወጣበት ሒሳብ፣ የቀረው በጥቂት ቀናት ውስጥ ሊወጣ በሚችል የቁጠባ ሒሳብ ቢቀመጥ በቂ ነው። ሦስተኛውና ከዚያ በኋላ ያሉት ወራት ገንዘብ የተሻለ ወለድ በሚከፍል የጊዜ ገደብ ተቀማጭ ሊገባ ይችላል፤ ግን በአንድ ቀን የሚያበቃ አንድ ትልቅ ተቀማጭ ሳይሆን፣ በየተወሰነ ወሩ ተራ በተራ የሚለቀቁ ትንንሽ ተቀማጮች ቢሆኑ ይመረጣል። ዋጋው ሊወርድ የሚችል ንብረት ወይም ገዥ ተፈልጎ የሚሸጥ ዕቃ መጠባበቂያ አይሆንም፤ ሥራ በሚጠፋበት ወቅት ሻጩ ብዙ፣ ገዥው ጥቂት ነው።

በአንድ ገቢ ቤት ከወለዱ ይልቅ የሚያሳስበው ግን ሒሳቡ በማን ስም ነው የሚለው ነው። ሠሪው ብቻውን ከፍቶት፣ የሚስጥር ቁጥሩን ብቻውን ይዞት፣ እሱ ራሱ በሆስፒታል አልጋ ላይ ራሱን ስቶ ቢገኝ 509 እጅ ያለው ቤተሰብ ለዕለት ወጪ ይበደራል። ውክልና አስቀድሞ ከተሰጠ ለጊዜያዊ ሕመም ሊያገለግል ይችላል፤ ነገር ግን ውክልና በአጠቃላይ ሰጪው ሲሞት ያበቃል፤ በሟች ስም ብቻ ያለ ሒሳብም ወራሾች እስኪረጋገጡ ድረስ ሊታገድ ይችላል። የጡረታ አበል ወይም የመድን ክፍያም እስኪጀመር ጊዜ ይፈልጋል። ስለዚህ ቢያንስ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ወራት ገንዘብ ሌላው የትዳር አጋር ብቻውን ሊያወጣ በሚችልበት ሒሳብ መቀመጥ ይኖርበታል። የጋራ ሒሳብ ሲከፈትም ገንዘብ የሚወጣው በሁለቱ ፊርማ ነው ወይስ በአንዳቸው የሚለውን፣ አንዱ ሲሞት ምን እንደሚሆንም ጭምር ባንኩን በግልጽ ጠይቆ ማወቅ ያስፈልጋል፤ የሁለቱንም ፊርማ የሚጠይቅ ሒሳብ በዚህ ችግር ላይ ምንም አይረዳም።

የዋጋ ንረትና በየዓመቱ የሚደረግ ክለሳ

መጠባበቂያ በገንዘብ ቁጥር ሳይሆን በወር ቢለካ ይሻላል የሚባለው ዋጋ አንድ ቦታ ስለማይቆም ነው። በአንድ ዓመት ዋጋ በ15 በመቶ ጨመረ፣ ደመወዙም በዚያው ልክ አደገ እንበል። ቤተሰቡ የሚፈልገው በደመወዝ ሲለካ አልተለወጠም፤ ቀድሞ ያስቀመጠው ገንዘብ ግን አቅሙ ቀንሷል። 240 እጅ አስቀምጦ 7 በመቶ ወለድ ያገኘ ቤተሰብ፣ በዓመቱ መጨረሻ በአዲሱ ደመወዝ ሲለካ የሚቀረው 223 ያህል ነው። የጠፋው 17 እጅ በወር 12 ለሚቆጥብ ቤት የአንድ ወር ተኩል ቁጠባ ያህል ነው፤ ስለዚህ የመድረሻው ጊዜ ከላይ ከተሰላው 45 ወር እንደሚረዝም አስቀድሞ መቀበል ይገባል። ደመወዙ ከዋጋው ጋር ካላደገ ደግሞ 479 የነበረው ግብ ራሱ ከ550 በላይ ከፍ ይላል።

በዚህ ምክንያት ስሌቱ በዓመት አንድ ጊዜ እንደገና ይሠራል፤ ከዚያ በፊትም የክፉ ወር ወጪን ወይም ደረቅ ወራቱን የሚለውጥ ነገር ሲፈጠር። ልጅ ሲወለድ በወር 5 እጅ ቢጨምር ግቡ በ30 ያድጋል። የመጀመሪያው ልጅ ትምህርቱን ጨርሶ ራሱን ሲችል ደግሞ የእሱ ድርሻ በስድስት ተባዝቶ ይቀነሳል፤ ለቤቱ በየወሩ ገንዘብ ማስገባት ከጀመረም ቤቱ አንድ ገቢ ያለው መሆኑ ያበቃልና ስሌቱ ከመሠረቱ ይለወጣል። አባትየው የተሻለ ደመወዝ አግኝቶ ወደ ሌላ ድርጅት ሲዛወር ብዙ ሰው መጠባበቂያው በቂ እንደሆነ ያስባል፤ ነገር ግን የአዲስ ሠራተኛ የሙከራ ጊዜ እስኪያልቅ ድረስ በአጭር ማስጠንቀቂያ ወይም ያለ ማስጠንቀቂያ ሊሰናበት ይችላል፤ የስንብት ክፍያ መብቱም ከዜሮ ይጀምራል። በእነዚያ ወራት የእሱ ቤት የሚሰላው እንደ ቋሚ ሠራተኛው ሳይሆን እንደ ኮንትራት ሠራተኛው ነው።